በገና ብዙ ታየሁ፣ ትንሽ ተከፈለኝ

በገና ዋዜማ ስልኬ አላረፈም። ዩቲዩብ ላይ ያለው የዶሮ ወጥ ቪዲዮዬ እንደ ጉድ ይታይ ነበር። ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ይቁላላ፣ በርበሬው መቼ ይግባ የሚል ጥያቄ ከሪያድም ከዳላስም ይጎርፋል። አንዲት እህት ከጅዳ ድስቷን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ጠቆረብኝ ወይስ ደህና ነው?» ትላለች። ለራሷና ለሁለት ጓደኞቿ ነው የምትሠራው። እየመለስኩላት በልቤ ሂሳብ እሠራ ነበር።

ሂሳቡ ቀላል መሰለኝ። በዲሴምበር ለአንድ ሺህ እይታ በአማካይ 3 ዶላር ከ6 ሳንቲም አግኝቻለሁ። የጃንዋሪ እይታ ደግሞ ከአካሄዱ 130 ሺህ ይደርሳል። 130 ሲባዛ በ3.06 ወደ 398 ዶላር ይመጣል። አዲስ አበባ ላለው ኤዲተሬ ደወልኩና «ከዚህ ወር ጀምሮ ክፍያህን እጨምርልሃለሁ» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ የቤት ኪራይ ጨምረውብኝ ጨንቆኝ ነበር» አለኝ።

ወሩ ሲያልቅ የገባው 250 ዶላር ነው። እይታው ከጠበቅኩት ብዙም አልራቀም፣ 122 ሺህ ነበር። የጎደለው ዋጋው ነው። ለልጁ የገባሁትን ቃል ከኪሴ ሞልቼ ጠበቅሁ። ግን ገንዘቡ የት እንደሄደ ሳላውቅ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ወር በወር እየመዘገብኩ የተረዳሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። የማነሳቸው ቁጥሮች የአንድ ትንሽ ቻናል ቁጥሮች ናቸው፣ ለማስላት እንዲመቹም አጠጋግቻቸዋለሁ። የእናንተ ይለያል። መንገዱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ RPM የሚል ቁጥር አለ። እኔ የሺህ ዋጋ እለዋለሁ። የገባችሁን ገንዘብ በጠቅላላው እይታ አካፍሎ በሺህ የሚያባዛ ነው። ማስታወቂያ የታየበትንም ያልታየበትንም እይታ ይቆጥራል። የዩቲዩብ ድርሻ ከተነሳ በኋላ ለእናንተ የሚቀረውንም ነው የሚያሳየው። ጎኑ ላይ CPM የሚል ሌላ ቁጥር ይታያል። እሱ አስተዋዋቂው የከፈለውን ነው የሚናገረው፣ ገና ድርሻ ሳይነሳለት። ሰው ብዙ ጊዜ ይህንን ትልቁን ቁጥር አይቶ ያልማል። ኪስ የሚገባው ግን የመጀመሪያው ነው።

የሺህ ዋጋ ራሱ ደግሞ ድብልቅ ነው። እኔ ሜሪላንድ ተቀምጬ በአማርኛ እሠራለሁ። ተመልካቾቼ ግን አሜሪካም፣ ዓረብ አገርም፣ ኢትዮጵያም ናቸው። እንግሊዝ፣ ጀርመንና እስራኤልም ጥቂት አሉ፣ ለቀላልነት እነሱን ትቻለሁ። የእኔ ቪዲዮ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም ከፊቱ የሚመጣው ማስታወቂያ ግን ሰውየው ያለበትን አገር ይከተላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጓደኛዬ የዶሮ ወጤን ስትከፍት የመኪና ኢንሹራንስ በእንግሊዝኛ ይቀድመኛል። ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ያንኑ ቪዲዮ ስትከፍት የምግብ ማድረሻ አፕ በዓረብኛ ይመጣባታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይመጣበት ቀጥታ ሽንኩርቱ ላይ ይደርሳል።

ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ እይታ ለየብቻው ለጨረታ ስለሚቀርብ ነው። ቪዲዮው ሲከፈት በዚያች ቅጽበት ያንን ሰው የሚፈልጉ አስተዋዋቂዎች ይጫረታሉ። ብዙ ፈላጊ ካለ ዋጋው ይወጣል። ፈላጊ ከሌለ ማስታወቂያም የለም፣ ገንዘብም የለም።

እስቲ የአሜሪካን አንድ ሺህ እይታ ልፈታው። ከሺሁ ውስጥ 600 ያህሉ ላይ ማስታወቂያ ታይቷል። ማስታወቂያ ለታየበት ሺህ እይታ አስተዋዋቂዎች 18 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ለ600ው 10 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ለረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ ዩቲዩብ 45 በመቶውን ወስዶ 55 በመቶውን ለባለ ቻናሉ ይሰጣል። ስለዚህ የእኔ ወደ 6 ዶላር ነው።

የኢትዮጵያውን ሺህ ደግሞ እንፍታው። ማስታወቂያ የታየው 250ው ላይ ብቻ ነው። ዋጋው ለሺህ 3 ዶላር ከ60 ነው። ለ250ው 90 ሳንቲም ይመጣል። የእኔ ድርሻ ወደ 50 ሳንቲም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። የአስተዋዋቂው ዋጋ የሚለየው አምስት እጥፍ ነው። የእኔ ገቢ ግን አሥራ ሁለት እጥፍ ይለያያል። ምክንያቱም ፈላጊ ሲያንስ ዋጋውም ይወርዳል፣ ማስታወቂያ የሚያገኘው እይታም ያንሳል። ሁለቱ ጉድለቶች ይባዛሉ። ይህንን ስቱዲዮ ውስጥ Estimated monetized playbacks በሚለው መስመር ማየት ይቻላል። ሰዎች የአገር ልዩነትን የዋጋ ልዩነት ብቻ አድርገው ስለሚያስቡት ግምታቸው ሁልጊዜ ከፍ ይላል።

ዓረብ አገር መሃል ላይ ነው። የእኔ 2 ዶላር አካባቢ ነው። ሳዑዲና ኤምሬትስ ውስጥ አስተዋዋቂ ሞልቷል፣ ገንዘብም አለ። የእኔ ተመልካቾች ግን አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። ሌሊት ሥራ ጨርሰው ስልካቸውን ይዘው ነው የሚያዩኝ። መኪና የሚሸጠው ድርጅት እነሱን ፈልጎ አይጫረትም። ስለዚህ «የሳዑዲ የሺህ ዋጋ ይህን ያህል ነው» የሚል ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ አግኝታችሁ ለአማርኛ ቻናል ብትጠቀሙበት ያሳስታችኋል። አገሩ አንድ ይሁን እንጂ ጨረታው የሚካሄደው በሰውየው ላይ ነው።

ርዕሱስ? ይህን ያስረዳችኝ ቤት የምታሻሽጥ ጓደኛዬ ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየጠጣን የቤት አገዛዝ ቪዲዮ አብረን እንድንሠራ ጠየቅኋት። እግረ መንገዴን ለማስታወቂያ ስንት እንደምታወጣ አነሳሁባት።

«አንድ ሰው ማስታወቂያዬን ሲጫን እስከ 20 ዶላር እከፍላለሁ» አለችኝ።

«ለአንድ ጫን? አብደሻል እንዴ!»

«አላበድኩም። የ450 ሺህ ዶላር ቤት ባሻሽጥ፣ በሁለት ተኩል በመቶ ኮሚሽን 11 ሺህ 250 ዶላር ነው። ከሁለት መቶ ሰው አንዱ ቢገዛ እንኳ 4 ሺህ ነው ያወጣሁት። የቀረው የእኔ ነው። አንቺ በርበሬ ብትሸጪ ከአንዱ ከረጢት ስንት ታተርፊያለሽ?»

ምናልባት 4 ዶላር አልኳት። «እንግዲህ ለአንድ ሰው 20 ዶላር አትከፍይማ» አለችኝ። ሲኒዋን አስቀምጣ ሁለተኛውን ጠየቀች።

የርዕስ ልዩነት ሥሩ ይኸው ነው። የኢንሹራንስ፣ የብድር፣ የቤትና የሶፍትዌር ርዕሶች ዋጋቸው ከፍ የሚለው አንድ ደንበኛ ለነጋዴው የሚያመጣው ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ ነው። የሙዚቃ፣ የቀልድና የወሬ ቪዲዮ ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም የሚያየው ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ምን ሊገዛ እንደሆነ አይታወቅም።

ቪዲዮውን ሠራን። አሜሪካ ውስጥ ያገኘው የሺህ ዋጋ 19 ዶላር ነበር። የዶሮ ወጡ በዚያው ወር፣ በዚያው አገር 5 ዶላር። ግን የቤቱን ቪዲዮ አሜሪካ ውስጥ ያየው 4 ሺህ ጊዜ ብቻ ነው፣ 76 ዶላር አመጣ። የዶሮው 30 ሺህ ጊዜ ታይቶ 150 አመጣ። «ርዕስ ቀይሪ፣ ገንዘቡ እዚያ ነው» ለሚሉኝ ሁሉ ይህንን አሳያቸዋለሁ። ከፍ ያለ የሺህ ዋጋ ሺህ ሰው ካልመጣለት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌላም ነገር ሞክሬ ነበር። የምግብ ቪዲዮዎቼ መግለጫ ላይ ስለ ብድርና ስለ ኢንሹራንስ ቃላት ጨመርኩ። ምንም አልተለወጠም። ዋጋውን ያወጣው ቃሉ አልነበረም። የቤቱን ቪዲዮ የከፈቱት ሰዎች ለሳምንታት ቤት ሲፈልጉ፣ የብድር ወለድ ሲያወዳድሩ የከረሙ ናቸው። ርዕሱ እነሱን አንድ ቦታ ሰበሰባቸው። አስተዋዋቂው ደግሞ እነሱን ያሳድዳል። ያንኑ ቪዲዮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያዩት ሰዎች የሺህ ዋጋ 70 ሳንቲም ነበር። የሜሪላንድ ቤት አሻሻጭ አዲስ አበባ ላለ ሰው አትጫረትም። ርዕስና አገር ተለያይተው አይሠሩም።

አሁን ወደዚያ ጃንዋሪ ልመለስ።

አስተዋዋቂዎች በጀታቸውን በሩብ ዓመት ነው የሚቆርጡት። የዓመቱ ትልቁ ገበያ ደግሞ መጨረሻው ሩብ ላይ ነው። ከምስጋና ቀን ማግስት፣ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ማግስት፣ ብላክ ፍራይደይ አለ። ከዚያ እስከ ፈረንጅ ገና ድረስ ሁሉም ሻጭ ጨረታው ውስጥ ይገባል። የቀረውን በጀት ሳይጨርስ ዓመቱ እንዲያልፍ የሚፈልግ የለም። ዲሴምበር 20 አካባቢ ሲደርስ ዕቃ ለገና የማይደርስበት ቀን ይሆናል። ሻጮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከ25 በኋላ ዋጋው ይወርዳል። በጃንዋሪ መጀመሪያ አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም፣ ሰውም ገንዘቡን ጨርሷል። የአሜሪካ የሺህ ዋጋዬ በዲሴምበር 7 ዶላር ከ80 ነበር። በጃንዋሪ 4 ዶላር ከ50 ሆነ።

የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት 19 ወይም 20። እኛ ዶሮ ስንገዛ፣ ቅቤ ስናነጥር፣ ዩቲዩብ ላይ ምግብ አሠራር ስንፈልግ የፈረንጁ ገበያ ተኝቷል። የአማርኛ የምግብ ቻናል ከፍተኛ እይታውን የሚያገኘው በዓመቱ ዝቅተኛው ዋጋ ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ የሠራሁት ስህተት የእኛን ገና እይታ በእነሱ ገና ዋጋ ማባዛቴ ነው።

ተመልካቹ ዓረብ አገር ሲሆን ወቅቱ ሌላ ነው። እዚያ የማስታወቂያው ትልቁ ሰሞን ረመዳን ነው። ሰው ሌሊቱን ስልኩ ላይ ነው፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ገበያው ይደምቃል። ግን ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል። በ2024 ማርች 11 አካባቢ ጀመረ፣ በ2025 ማርች 1። ስለዚህ «ማርች ላይ ዓረብ አገር ይጨምራል» ብሎ መመዝገብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ውሸት ይሆናል። እኔ ለዓረብ አገር ወሩን ሳይሆን ረመዳንን ነው የምመዘግበው። የእኛም ፋሲካ እንደዚያው ነው። በ2024 ሜይ 5፣ በ2025 ኤፕሪል 20 ዋለ። የጾም ምግብ ቪዲዮ ከፋሲካ በፊት ባሉት 55 ቀናት ይታያል፣ በዓሉ እንደዋለ እይታው ይወድቃል። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ብቻ ብታወዳድሩ ምን እንደተፈጠረ ግራ ይገባችኋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሺህ ዋጋው በወቅት ብዙም አይዋዥቅም። ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። እዚያ የሚዋዥቀው እይታው ነው።

ግምቱን እንግዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። ስቱዲዮ ውስጥ ገብቼ Advanced mode ከዚያ Geography እከፍታለሁ። ለእያንዳንዱ አገር የአሥራ ሁለት ወሩን እይታና ገቢ አወርዳለሁ። ከዚያ ለየአገሩ የዓመቱን አማካይ የሺህ ዋጋ አገኛለሁ። የአሜሪካው 6 ዶላር፣ የዓረብ አገሩ 2፣ የኢትዮጵያው 50 ሳንቲም። ቀጥዬ የእያንዳንዱን ወር ዋጋ ለዓመቱ አማካይ አካፍላለሁ። አሜሪካ በዲሴምበር 7.80 ለ6 ሲካፈል 1.3 ነው። በጃንዋሪ 4.50 ለ6 ሲካፈል 0.75። ይህንን የወሩ ምጣኔ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ማባዛት ብቻ ነው።

```
የአገሩ ገቢ = (እይታ ÷ 1000) × የዓመቱ RPM × የወሩ ምጣኔ
ጠቅላላ = የሁሉም አገሮች ገቢ ድምር
```

ዋናው ነገር መጀመሪያ በአገር መለየት፣ መጨረሻ ላይ መደመር ነው። መጀመሪያ ደምሮ አማካይ የወሰደ ሰው እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ያንን ጃንዋሪ ከዚያ ወዲህ ባሳለፍኳቸው ሁለት ጃንዋሪዎች ምጣኔ እንደገና ሠራሁት። የጠበቅሁት 130 ሺህ እይታ ሲከፋፈል አሜሪካ 45 ሺህ፣ ዓረብ አገር 25 ሺህ፣ ኢትዮጵያ 60 ሺህ ነው። አሜሪካ 45 በ4.50፣ ወደ 202 ዶላር። ዓረብ አገር ምጣኔው 0.85 ስለሆነ ዋጋው 1.70 ነው፣ በ25 ሲባዛ ወደ 43። ኢትዮጵያ በ0.9 ምጣኔ 45 ሳንቲም፣ በ60 ሲባዛ 27። ድምሩ 272 ዶላር። እውነተኛው 250 ነበር። የቀረችው ልዩነት እይታው በስምንት ሺህ ስላነሰ ነው። 398 ብዬ ቃል ከምገባ በዚህ ብሠራው ኖሮ ለልጁ ሌላ ነገር እነግረው ነበር።

ድብልቁ ሰውን እንዴት እንደሚያታልል ይበልጥ የገባኝ ግን በተከታዩ ኖቬምበር ነው። ያለ ምጣድ፣ በተራ መጥበሻ እንጀራ የመጋገር ቪዲዮ አወጣሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ እሳት ተያያዘ። በሴፕቴምበር የሺህ ዋጋዬ 2 ዶላር ከ45 ነበር። በዚያ ኖቬምበር 1 ዶላር ከ56 ሆነ። ብላክ ፍራይደይ ባለበት ወር ዋጋ ሲወርድ ደነገጥኩ። ቻናሌ የተቀጣ መሰለኝ። አንድ ቻናል ያለው ወዳጄ «የአገር ቤት ተመልካች ነው ዋጋሽን የሚያወርደው እየተባለ ነው፣ ቪዲዮውን ደብቂው» አለኝ። ልደብቀው እጄን አንስቼ ነበር።

በአገር ለይቼ ሳየው ሌላ ነገር ሆነ። በሴፕቴምበር አሜሪካ 30 ሺህ እይታ በ6 ዶላር፣ ዓረብ አገር 20 ሺህ በ2፣ ኢትዮጵያ 50 ሺህ በ50 ሳንቲም። ጠቅላላ 100 ሺህ እይታ፣ 245 ዶላር። በኖቬምበር አሜሪካ 32 ሺህ በ7.50፣ ዓረብ አገር 20 ሺህ በ2.20፣ ኢትዮጵያ 200 ሺህ በ55 ሳንቲም። ጠቅላላ 252 ሺህ እይታ፣ 394 ዶላር።

በየአገሩ ያለው ዋጋ፣ ሦስቱም፣ ጨምሯል። ገንዘቡም ጨምሯል። የወረደው ድብልቁ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ የኢትዮጵያ ድርሻ በዛ። ወተት ውስጥ ውሃ ሲጨመር ወተቱ አይቀንስም፣ መቅጠኑ ነው እንጂ። የአዲስ አበባው ተመልካች የቨርጂኒያውን ጨረታ አይነካውም። እያንዳንዱ እይታ ለብቻው ነው የሚሸጠው ብያለሁ። ቪዲዮውን ብደብቀው ኖሮ የሺህ ዋጋዬ ያምር ነበር፣ እኔ ግን መቶ ዶላር አጣ ነበር። ከሁሉም በላይ ምጣድ የሌላቸው ሰዎች እንጀራቸውን ያጡ ነበር።

ስለዚህ ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የማየው የት እንደወረደ ነው። ጠቅላላው ወርዶ የየአገሩ ካልወረደ ድብልቁ ነው፣ የሚያስደነግጥ የለም። ሁሉም አገር በአንድ ሰሞን ከወረደ ወቅቱ ነው። አንድ ቪዲዮ ብቻ ከወረደ ቪዲዮው ላይ ችግር አለ። ብዙ ጊዜ ቢጫዋ ምልክት ትሆናለች፣ ማለትም ይዘቱ ለአብዛኞቹ አስተዋዋቂዎች አይመችም ተብሏል። ስለ ጦርነትና ስለ አደጋ የሚያወሩ ቪዲዮዎች ላይ ይህ ይበዛል። የአገር ቤት ዜና የሚሠሩ ወዳጆቼ እይታቸው ከእኔ በአሥር እጥፍ በልጦ ገቢያቸው ከእኔ የሚያንስበት ወር አለ።

ሾርትስ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከግምቱ ውስጥ ለብቻው አውጡት። የአከፋፈሉ መንገድ ሌላ ነው፣ የሺህ ዋጋውም በሳንቲም ነው የሚቆጠረው። አንድ ሾርትስ 300 ሺህ ጊዜ ታይቶ ከረጅሙ ጋር ሲደባለቅ አማካዩን እንዳልነበረ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቪፒኤን። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ኢትዮጵያ ውስጥ ዩቲዩብና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲገደቡ ሰው በቪፒኤን ነበር የሚገባው። ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው እይታው የሚመዘገበው በሌላ አገር ነው። በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ቻናል ካለ የእነዚያን ወራት የአገር ክፍፍል ምጣኔ ለማውጣት አትጠቀሙበት። ጭራሽ ያልነበራችሁ የአውሮፓ ተመልካች ያለ ይመስላችኋል።

ከሁለቱ፣ ከዋጋውና ከእይታው፣ የሚያስቸግረው እይታው ነው። ዋጋው ምጣኔ ከወጣለት በጣም አይርቅም። እይታን እኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አሮጌዎቹ ቪዲዮዎች ምንም ባልሠራ እንኳ በወር የሚያመጡት አለ። እሱ የተረጋጋ ነው፣ በዓል ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። አዲሶቹን ግን በመጨረሻዎቹ አሥር ቪዲዮዎቼ ነው የምለካቸው። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ያገኙትን እይታ ከትንሽ ወደ ትልቅ እደረድርና መሃል ላይ ባሉት ሁለቱ መካከል ያለውን ቁጥር እወስዳለሁ። አማካይ አልወስድም፣ ምክንያቱም ያ የእንጀራ ቪዲዮ አንዱ ብቻውን አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። እንደሱ ያለ በዓመት አንዴ ይመጣል ወይም አይመጣም። መሃለኛው ግን በየወሩ ይመጣል። ከዚያ ከድርድሩ ከታች ሦስተኛውን ወስጄ ዝቅተኛ ግምት፣ ከላይ ሦስተኛውን ወስጄ ከፍተኛ ግምት እሠራለሁ። አንድ ቁጥር ብቻ ይዤ ለማንም ቃል አልገባም።

የገንዘቡ መድረሻ ቀንም አለ። የአንድ ወር ገቢ የሚከፈለው በቀጣዩ ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ነው፣ ቀሪ ሂሳቡ 100 ዶላር ከሞላ። ስቱዲዮ ላይ በየቀኑ የሚታየው ደግሞ ገና ግምት ነው፣ ትክክለኛ ያልሆነ እይታ ተቀንሶ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ የዲሴምበሩ ትልቅ ገንዘብ የሚገባኝ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቻናሉ ውስጥ ዋጋ ወድቆ እያለ። የጃንዋሪው ትንሽ ገንዘብ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ባንኬን ብቻ የማይ ብሆን ኖሮ ጃንዋሪ ጥሩ ወር ይመስለኝ ነበር።

ለኤዲተሬ የምከፍለው አሁን በዚህ መሠረት ነው። ወርሃዊ ደመወዙ በዓመቱ ዝቅተኛ ግምት ላይ ቆሟል። በጣም በደከመው ወርም እንኳ አይጎድልም። ኖቬምበርና ዲሴምበር ከዚያ በላይ ያመጡትን ግማሹን ለየብቻ አስቀምጬ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከደመወዙ ላይ እጨምርለታለሁ። ይህን ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ የገና ጉርሻ ለጥምቀት ነው የሚመጣው ማለት ነው» አለኝ። አዎ፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ አልኩት። ባለፈው ዓመት በጃንዋሪ 24 ላክሁለት።